በአምስተኛው ቀን «ጭራሽ ባሰብኝ» ብላ ለምትመጣ ታካሚ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ባሕር ዳር አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። የ47 ዓመት እናት፣ ገበያ ላይ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ፣ እንቅልፍ ካጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ዲያዜፓም ፍለጋ ትመላለሳለች። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝታ 11 ሰዓት ተኩል እንድትነሳ አዘዝኳት። በአምስተኛው ቀን ‹ጭራሽ ባሰብኝ› ብላ ስትመጣ ሁለት ሰዓት ጨመርኩላት፤ አሁን እንደ በፊቱ ናት። ‹እንቅልፍ እምቢ ሲል ከአልጋ ውረጂ› ስላት ደግሞ ‹ከልጆቼ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለሁት፣ ወዴት ልውረድ?› አለችኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ምላሽ፦

የሰጧት ሰዓት ላይ ብዙ ስህተት አይታየኝም። የተሳሳተው ነገር ሰዓቱ ከመሰጠቱ በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራና በአምስተኛው ቀን የሰጧት መልስ ነው። በእኔም እጅ ይህ የእንቅልፍ ገደብ ሕክምና የከሸፈባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የከሸፈባቸው እነዚሁ ሁለት ቦታዎች ላይ ስለሆነ፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎት።

በመጀመሪያ ያ «ባሰብኝ» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ እንይ። እንቅልፍ እንደ ርሃብ ነው፤ ነቅተን በቆየን ቁጥር ይጠራቀማል፣ ስንተኛ ይጎድላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን «ቢያንስ ጎኔን ላሳርፍ» እያለ ማታ በጊዜ ይጋደማል፣ ጠዋት አርፍዶ ይነሳል፣ ቀን ባገኘው ክፍተት ሸለብ ያደርገዋል። ለአንድ እንጀራ የሚበቃ ወጥ በሦስት እንጀራ ላይ ሲፈስ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ የትም ቦታ አይጣፍጥም፣ መሀል መሀሉ ደረቅ ነው። የአምስት ሰዓት እንቅልፍም በዘጠኝ ሰዓት አልጋ ላይ ሲበተን እንደዚያ ይሳሳል። የመጀመሪያው ምክንያት ሐዘንም ይሁን የገበያ ኪሳራ ወይም ሕመም ድሮ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፍ እጦቱን ዛሬ የሚያኖረው ይህ ከአልጋ ጋር የተጀመረው ትግል ነው። አርተር ስፒልማን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት የእንቅልፍ ገደብ ሕክምና የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። እንጀራውን በወጡ ልክ እናሳንሰዋለን፤ ማለትም አልጋ ላይ የሚቆይበትን ሰዓት በትክክል በሚተኛው ሰዓት ልክ እናደርገዋለን። ርሃቡ ሲጠራቀም እንቅልፉ ይጠጥራል፤ ከጠጠረ በኋላ ቀስ እያልን እናሰፋዋለን።

ርሃቡ የሚጠራቀመው ግን አንድ ሌሊት ውስጥ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰባት፣ አንዳንዴም አሥር ቀናት ሰውየው ከበፊቱ ጥቂት ያነሰ ይተኛል፤ ቀን ላይ ዓይኑ ይከብዳል፣ ይነጫነጫል፣ የሚፈልገው ቃል ይጠፋበታል። ታካሚዎ በአምስተኛው ቀን ይዛ የመጣችው ይህንን ነበር። ሕክምናው መሥራት በጀመረበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ሲጨመርላት የተጠራቀመው ሁሉ ፈሰሰ። ይባስ ብሎ አሁን «ያንንም ሞክሬው አልሠራም» የሚል ትዝታ ቀርቷታል። ስለዚህ እኔ ታካሚዎቼን ገና ከክፍሌ ሳይወጡ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «እናቴ፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ደህና አይሆኑም። ዓይንዎ ይቃጠላል፣ እኔንም ይረግሙኛል። ያን ቀን ሕክምናው ጀመረ ይበሉ እንጂ አልሠራም አይበሉ። በአምስተኛው ቀን እኔው እደውላለሁ።» ከዚያ በእርግጥም እደውላለሁ። ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ስልክ ነው፤ የሚጠበቅ ነገር ሲደርስ ሰው ይታገሠዋል፣ ሳይጠብቁት ሲመጣ ግን ያስደነግጣል።

ከዚህ በፊት ግን መታለፍ የሌለበት በር አለ። እንቅልፍ መቀነስ ማንንም የማይጎዳ ምክር ስላልሆነ፣ ሰዓቱን ከመስጠቴ በፊት የምጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝ። «እንቅልፍ ሳይኖርዎት ጭራሽ ድካም ያልተሰማዎት፣ ሐሳብ የሮጠብዎት፣ ገንዘብ የበተኑበት ሳምንት በሕይወትዎ ነበር?» የሚለው የመጀመሪያው ነው፤ ባይፖላር ያለበትን ሰው እንቅልፍ ብንነጥቀው ማኒያ ልንቀሰቅስበት እንችላለን። የሚጥል በሽታ ካለ ይህን ሕክምና አልጀምርም፤ እንቅልፍ ማጣት በራሱ መናድን ሊቀሰቅስ ይችላል። ኃይለኛ ማንኮራፋት፣ በሌሊት ትንፋሽ መቋረጥ፣ አልወርድ ያለ የደም ግፊትና ቀን ላይ ሳያስበው ጭልጥ ማለት ካለ በቅድሚያ የሚጣራው የእንቅልፍ የትንፋሽ መቆም ነው። ቀጥሎ ሥራውን እጠይቃለሁ። ባጃጅ ወይም ሚኒባስ የሚነዳ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ በግንባታ መወጣጫ ላይ የሚሠራ፣ ሌሊት በታንኳ ጣና ላይ መረብ የሚጥል ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቢያንቀላፋ ዋጋው ሕይወት ነው። ለእነዚህ ሰዎች፣ ለመውደቅ ለሚያሰጋቸው አረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች በአንድ ጊዜ አልቆርጥም፤ አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ በየሳምንቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ እየሸረፍኩ እወርዳለሁ። ይዘገያል፣ ግን አይጥልም። ድብርት ያለበት ሰው ይህን ሕክምና አይከለከልም፤ ድብርቱ ጎን ለጎን ይታከማል፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩም ሳይጠየቅ አይታለፍም። ጫትም በግልጽ ይጠየቅ። ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ዓይኑ ቢፈጥ በሽታው ሌላ ነው።

ቀጥሎ መዝገቡ ነው፤ እርስዎ ጋ የጎደለው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ይመስለኛል። «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ተብሎ የተጠየቀ እንቅልፍ ያጣ ሰው «ዓይኔን አልከድንም» ይላል፤ አይዋሽም፣ የሚያስታውሰው የነቃባቸውን ሰዓታት ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ይጻፍ። ሌሊት ሰዓት እያዩ መጻፍ ክልክል ነው፤ በግምት ይበቃል። እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ትልቅ ውለታ ይውልልናል። በፈረንጁ ሰዓት ለሚያሰላ ሰው ሌሊቱ እኩለ ሌሊት ላይ ይሰበርበታል፤ በእኛ ግን ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 አንድ መስመር ነው። 3 ሰዓት ተጋድሞ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው 12 ሲቀነስ 3፣ ዘጠኝ ሰዓት አልጋ ላይ ነበር። አደጋው ግማሹን ከስልክ ገልብጠው ሲጽፉ ነው። አንድ ወጣት በመዝገቡ ላይ «የተኛሁበት 5፡00፣ የነቃሁበት 5፡00» ብሎ አምጥቶልኝ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ የመጀመሪያው በእኛ፣ ሁለተኛው ስልኩ ላይ ያየው ነበር። ከዚያ ወዲህ በወረቀቱ አናት ላይ «በሐበሻ ሰዓት ብቻ» ብዬ እጽፋለሁ። ፊደል ላልቆጠሩ ደግሞ አሥራ ሁለት ሣጥን በአንድ መስመር አሰምራለሁ፤ አንዱ ሣጥን አንድ ሰዓት ነው። ጠዋት ልጃቸው «ይህን ሰዓት ተኝተሽ ነበር?» እያለ የተኙበትን ያጠቁራል፣ የተጋደሙበትንና የተነሱበትን በጭረት ያመለክታል። ሰባት መስመር ሲሞላ ሌሊቶቻቸውን በአንድ ገጽ ያዩታል፤ አንዳንዶቹ «ለካ እተኛለሁ!» ሲሉ የሰማሁት እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

አሁን ስሌቱን በአንድ ሰው ላይ ላሳይዎት፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። የ54 ዓመት መምህር፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር የሚኖር፣ እንቅልፍ ካጣ ሦስት ዓመት የሆነው፤ ማታ ማታ 5 ሚሊ ግራም ዲያዜፓም ይወስዳል። በእንቅልፍ እጦት ክብደት መለኪያ፣ ያ ከ0 እስከ 28 የሚቆጠረው የሰባት ጥያቄ ቅጽ፣ 21 አገኘ። በየቀኑ 3 ሰዓት ይጋደማል፣ 12 ሰዓት ይነሳል። የተኛባቸው ሰባት ሌሊቶች 5፡40፣ 4፡50፣ 5፡10፣ 6፡00፣ 5፡20፣ 4፡55 እና 5፡25 ነበሩ፤ ድምሩ በደቂቃ 2240፣ ለሰባት ሲካፈል 320፣ ማለትም 5 ሰዓት ከ20 ነው። አልጋ ላይ ግን 540 ደቂቃ ይቆይ ነበር።

```
የእንቅልፍ ብቃት = (የተኛበት ÷ አልጋ ላይ የቆየበት) × 100
320 ÷ 540 × 100 = 59%
```

አልጋው ላይ ካጠፋው ጊዜ አርባ በመቶ ያህሉ ትግል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አልጋ ላይ የሚቆይበት ሰዓት የአማካዩ ልክ ይሆናል፤ 5፡20ን ወደ ላይ አጠጋግቼ 5 ሰዓት ተኩል ሰጠሁት። መዝገቡ አራት ሰዓት ቢል እንኳ ከአምስት ሰዓት በታች አልወርድም። መጀመሪያ የሚተከለው የመነሻው ሰዓት ነው፤ የመኝታው ሰዓት ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገኛል። መምህሩ 2 ሰዓት ትምህርት ቤት መድረስ ስላለበት 12 ሰዓት ተከልን፤ ከዚያ አምስት ተኩል ወደ ኋላ ስንቆጥር የመኝታው ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ሆነ። 12 ሰዓቱ ለቅዳሜም ለእሁድም ለዓመት በዓልም አይለወጥም፤ ሌሊቱ የቱንም ያህል ቢከፋም። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው እንኳ በማግስቱ ረፋድ ላይ ተኝቶ እንዳያካክስ፣ ማታ በዚያው በተለመደው ሰዓት እንዲተኛ እመክራለሁ። ሱብሒ ለሚሰግድ ሰው ደግሞ የመነሻውን ሰዓት ከሶላቱ ጋር መግጠም ከሁሉም ይቀላል፤ ሰግዶ ተመልሶ መተኛት ግን ሰዓቱን ለሁለት ይሰብረዋል። እዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለምትወጣ፣ ሲነሱ በር ከፍተው ደጅ መቆም የሰውነትን ሰዓት ለማስተካከል ይረዳል።

ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ ያችኑ ስሌት ነው የምንደግመው። ብቃቱ 85 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ 15 ደቂቃ ይጨመራል፤ የሚጨመረው በመኝታው በኩል ነው፣ የመነሻው ሰዓት አይነካም። ከ80 እስከ 84 ከሆነ ባለበት ይቆያል። ከ80 በታች ከሆነ 15 ደቂቃ ይቀነሳል፣ ከአምስት ሰዓት ሳይወርድ።

የመምህሩ የመጀመሪያ ሳምንት 275 ደቂቃ እንቅልፍ ነበር፤ ለ330 ሲካፈል 83 በመቶ። ባለበት አቆየሁት። በአምስተኛው ቀን ስደውልለት ክፍል ውስጥ ጠመኔ ከእጁ እንደወደቀ ነገረኝ፤ «ጠብቀነው የለ?» አልኩት፣ ቀጠለ። በሁለተኛው ሳምንት ግን 255 ደቂቃ ይዞ መጣ፣ 77 በመቶ። ሕጉ «ቀንስ» ይላል። እኔ ግን ከመቀነሴ በፊት ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄውንም የምጠይቀው አብሮት የሚኖረውን ሰው ነው። ባለቤቱ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበርና አስገባኋት። «ከራት በኋላ ምን ያደርጋል?» ስላት «ምን ያደርጋል ዶክተር፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ሶፋው ላይ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ አንገቱ ይወድቃል፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፤ ስቀሰቅሰው ‹አልተኛሁም› ይላል» አለች። መምህሩ አልዋሸም፤ ሶፋ ላይ የሚያስወስድ እንቅልፍ ለተኛው ሰው እንቅልፍ አይመስለውም። ያ የሶፋ ላይ እንቅልፍ ግን የማታውን ርሃብ የሚበላ ቁራሽ ነው። ቀን የማያንቀላፋ ሰው ብቃቱ ሳይጠበቅ ካሽቆለቆለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ሰዓት ላይ ከተማው ጸጥ ይላል፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል፣ ሰውየው ደግሞ ገና ሦስት ሰዓት መቆየት አለበት።

ሰዓቱን አልቀነስኩም፤ ማታውን ብቻ አስተካከልን። ከ4 ሰዓት በኋላ ሶፋ የለም፣ ድጋፍ የሌለው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ደብተር ማረም በጊዜ ይጠናቀቅና በመጨረሻው ሰዓት ቆሞ የሚሠራ ቀላል ነገር ይመጣል፤ ሸሚዝ መተኮስ፣ የነገውን ምስር መልቀም፣ ጫማ መጥረግ። ከሰዓት በኋላ ያለው ቡና ከ9 ሰዓት እንዳያልፍ ተስማማን፤ አቦሉን ጠጥቶ ከጎረቤት ጋር መጨዋወቱን አልከለከልኩም። ባለቤቱ ደግሞ ሲያንጎላጅ የምትነካው እሷ ሆነች። በሦስተኛው ሳምንት 300 ደቂቃ ተኛ፤ ለ330 ሲካፈል 91 በመቶ። ያኔ 15 ጨመርኩ፣ መኝታው 6 ሰዓት ከሩብ ሆነ። አራተኛው ሳምንት 312 ለ345፣ 90 በመቶ። አምስተኛው 322 ለ360፣ 89። ስድስተኛው 330 ለ375፣ 88። ሰባተኛው 335 ለ390፣ 86። በስምንተኛው ሳምንት አልጋው ላይ 405 ደቂቃ ቆይቶ 338 ተኛ፣ 83 በመቶ፤ እዚያ ላይ መጨመሩ ቆመ። ቁጥሮቹን ልብ ብለው ካዩ የጠቅላላው እንቅልፍ ጭማሪ ከመነሻው 18 ደቂቃ ብቻ ነው። መለኪያው ላይ ያለው ነጥብ ግን ከ21 ወደ 9 ወርዷል። «ብዙ አልተኛም፣ ግን ሌሊቱ አለቀልኝ» ነው ያለኝ። ሕክምናው የሚያስተካክለው በቅድሚያ ሌሊት ነቅቶ የሚባክነውን ሰዓትና ከአልጋ ጋር ያለውን ፍርሃት እንደሆነ ለታካሚው ቀድሞ መንገር ደግ ነው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ይጠብቅ የነበረ ሰው ያለዚያ ቅር ይለዋል።

አሁን ወደ አንዷ ክፍል እንምጣ። «ከአልጋ ውረጂ» የሚለው ምክር ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ካቀረበው ሕክምና የመጣ ነው። አእምሮ ቦታን ከሚደረግበት ነገር ጋር ያስተሳስራል። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ የተጨነቀች ሴት ጎኗ ፍራሽ ሲነካ ልቧ መምታት ቢጀምር አይግረምዎ፤ ሶፋ ላይ ያሸለበው ሰው አልጋው ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቦግ የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ አልጋው ለእንቅልፍና ለትዳር ብቻ ይቀራል። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ይወጡበታል፤ የመኝታው ሰዓት ደርሶ እንቅልፉ ገና ከሆነ ይጠብቃሉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን ነቅተው እንደቆዩ ሲሰማቸው፣ ወይም መናደድ ሲጀምሩ፣ ይወርዳሉ፤ ሲከብዳቸው ይመለሳሉ፤ አስፈላጊ ከሆነ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ። ደቂቃው በሆድ ይገመታል እንጂ በስልክ አይታይም።

የፈረንጅ መጽሐፍ «ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ» ይላል፤ ታካሚዎ ሌላ ክፍል የላትም። ነገር ግን የሚያስፈልገው ከፍራሹ መለየት ነው። ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች ክፍሉን በወረቀት ላይ አብረን እንስለዋለን። «አልጋው የት ነው? ልጆቹስ? በሩ? ምድጃው?» ከዚያ ከአልጋው ራቅ ያለ፣ ጀርባ ለአልጋው የሚሰጥ አንድ ማዕዘን እንመርጣለን። እዚያ ዱካ ወይም የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ጋቢ ማታውኑ ይቀመጣሉ፤ ሌሊት ፍለጋ ሲጀመር ልጅ ይነቃል፣ ወይም ብርዱን ፈርታ አትወርድም። ሻማ አብርታ እንዳታንቀላፋ ያስጠንቅቋት፤ ፀሐይ ቻርጅ ያደረጋት ትንሽ መብራት ወይም ወደ ግድግዳ የዞረ የስልክ ባትሪ ይበቃል። እዚያ ተቀምጣ ምን ትሥራ? ጥጥ ትፍተል፣ ምስር ትልቀም፣ ዳዊቷን ትድገም። ጸሎት በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ዱካው ላይ ሆና፤ አልጋ ላይ ተጋድማ «እንቅልፍ ስጠኝ» እያለች ከሆነ ትግሉ ስሙን ቀየረ እንጂ አልቆመም። የስልክ ቪዲዮና የነገ ሂሳብ ግን አይሆኑም። ከታናሽ ልጇ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ የምትተኛ ከሆነ በዳር በኩል ትሁን፣ ሳትሻገር እንድትወርድ።

አልጋው ቀን ላይ እንደ ሶፋ የሚያገለግል ከሆነም መላ አለው። ቀን ላይ አንሶላና ትራሱ ይነሱ፣ ሌላ አልጋ ልብስ ይልበስ፤ አንሶላው የሚነጠፈው የመኝታው ሰዓት ሲደርስ ብቻ ነው። መሬት ላይ ፍራሽ የሚዘረጋ ሰው ከዚህም የተሻለ ዕድል አለው፤ ፍራሹ ቀን ተጠቅልሎ ይቁም። አንዲት እናት «ሳነጥፈው እንቅልፌ እንደሚመጣ ለመድኩት» ብላኛለች፤ የምንፈልገው እሱን ነው።

ዲያዜፓሙን በተመለከተ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይንኩ። መድኃኒቱን ከሰዓቱ ጋር አብረው ከቀነሱ፣ የባሰባት ከየትኛው እንደሆነ እርስዎም እሷም አታውቁም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኑ እንዳለ ይቆይ፤ «ሲያስፈልግ» የሚለው ግን ይቅር፣ በየማታው በአንድ ሰዓት ትውሰደው። መጥፎ ሌሊት ሲመጣ የሚዋጥ ኪኒን «ያለ እሱ አልተኛም» የሚለውን እምነት ያጠነክራል። ሌሊት ስትወርድ ደግሞ እንዳትንገዳገድ መንገዷ የጸዳ ይሁን። ብቃቱ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት 85 ሲያልፍ መቀነስ ይጀመራል። መምህሩ ከ5 ወደ 2.5 ሚሊ ግራም ወርዶ ሁለት ሳምንት ቆየ፣ ቀጥሎ ወደ ሩብ ፍሬ ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ተወው። ከዚህ የበለጠ መጠን ለዓመታት የወሰደ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከሩብ በላይ ሳይቀንስ ቀስ ይበል፤ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ መናድ ሊያመጣ ይችላል። በእያንዳንዱ ቅነሳ ሁለት ሦስት ሌሊት ይረበሻል፤ ይህም ቀድሞ ይነገር።

«ይህን ሁሉ በተመላላሽ ክፍል ወረፋ መሀል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እንግሊዝ አገር በ35 የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት 642 ሰዎችን ባሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ሕክምናውን የሰጡት ነርሶች ነበሩ፤ በአራት አጫጭር ቀጠሮ። ከስድስት ወር በኋላ የእንቅልፍ ንጽህና ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ሰዎች ይልቅ የእነዚህ እንቅልፍ እጦት በግልጽ ቀልሎ ተገኘ። «ቡና ቀንሺ፣ ክፍልሽን አጨልሚ» ብቻ ብሎ መሸኘት ሕክምና ሰጥቶ መሸኘት እንዳልሆነ እዚያ ላይ ይታያል። የእኔ አካሄድ እንዲህ ነው፦ መዝገቡን ሰጥቶ ለመሸኘት አሥር ደቂቃ፣ ከሳምንት በኋላ ስሌቱንና ሰዓቱን ለመስጠት ግማሽ ሰዓት፣ በአምስተኛው ቀን ስልክ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ። የኋለኞቹን የሠለጠነች ነርስ ትይዛቸዋለች። አራት ሳምንት በትክክል ተሠርቶ ብቃቱ ካልተነሳ፣ ወይም በመሀል ስሜቷ ከልክ በላይ ከፍ ካለ፣ የሐሳብ መሮጥ ከታየ ወይም ሥራ ላይ እንቅልፍ ከጣላት፣ ገደቡን ያቁሙና ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይላኳት።

ለእርስዎ ታካሚ እንግዲህ እንዲህ አደርግ ነበር። ስትመጣ «በአምስተኛው ቀን ሰዓት የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» ብለው ይጀምሩ፤ ተስፋ የቆረጠችው በራሷ ሰውነት ላይ ነውና ይህን መስማት ያስፈልጋታል። የአሥራ ሁለት ሣጥኑን ወረቀት ለትልቁ ልጇ ይስጡት። ከሰባት ቀን በኋላ አማካዩ የሚያወጣው ሰዓት ካሁን በፊት ከሰጧት አምስት ተኩል ይለይ ይሆናል፤ ስድስት ቢል ስድስት ይስጧት፣ ሳይለኩ ማጥበቅም ሳይለኩ ማላላት የሚያመጣውን ጉዳት ያመጣል። ቅመሟን ለመዘርጋት 12 ሰዓት ከቤት የምትወጣ ከሆነ 11 ሰዓት ተኩሉ ትክክለኛ መነሻ ነው፣ ገበያ በሌለ ቀንም አይቀየር። ገበያ ላይ እቃዋ መሀል ተቀምጣ ታንቀላፋ እንደሆነም ይጠይቋት፤ ጎን ለጎን የምትሸጠውን ጓደኛዋን «ሳሸልብ ቀስቅሺኝ» ብትላት ከእኛ ሁሉ የተሻለ ትጠብቃታለች። የሰባቱን ቀን መዝገብ እንዳገኙ ቁጥሮቹን ብቻ፣ ያለ ስሟ፣ ይላኩልኝና የመጀመሪያውን ስሌት አብረን እንሥራው።